ኖኪያ የማን ነው? የተገዛውን፣ የተዋሃደውንና የተሸጠውን ክፍል በክፍል እንከተል

ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ አለ። «ኖኪያ ለማይክሮሶፍት ተሸጦ የለ እንዴ? ታዲያ ሱቅ ላይ ያየሁት አዲስ ኖኪያ ከየት መጣ?» ትላላችሁ። አንዱ ኖኪያ ከስሯል ይላል፣ ሌላው ማይክሮሶፍት ገዝቶ ገደለው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቻይናዎች ገዝተውታል ብሎ ይምላል። የሚገርመው ሦስቱም ከእውነቱ ትንሽ ትንሽ ቆንጥረው ይዘዋል። የተሳሳቱት ኖኪያን አንድ ዕቃ አድርገው በማየታቸው ነው።

አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ሠራተኛ አለ፣ ፋብሪካ አለ፣ ፓተንት አለ፣ ከደንበኛ ጋር የተፈረመ ውል አለ፣ ስም አለ። እነዚህ ሁሉ ለየብቻቸው ሊሸጡ፣ ሊከራዩ ወይም ሊቀሩ ይችላሉ። «ኩባንያው ተሸጠ» የሚል ዜና ስታዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ክፍሉ?» የሚለው ነው። ዛሬ ይሄንን በኖኪያ ላይ ደረጃ በደረጃ እናያለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኛ እንዲህ ዓይነት ታሪክ ስንከታተል የምናደርገው ቀላል ነገር ነው። ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር እናሰምራለን፤ ለስልኩ አንድ፣ ለኔትወርኩ አንድ፣ ለካርታው አንድ፣ ለስሙ ደግሞ ለብቻው አንድ። ከዚያ እያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ከማን ወደ ማን እንደሄደ፣ ምን አብሮ እንደሄደና ምን እንደቀረ እንጽፋለን። «ምን ቀረ» የምትለዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። ትልቁ ነገር የሚደበቀው ግን እዚያ ነው።

ከጥንቱ እንጀምር፤ እሱን ቶሎ እናልፈዋለን። ኖኪያ በ1865 ፊንላንድ ውስጥ እንደ እንጨት ፈጪና ወረቀት ሠሪ ፋብሪካ ነው የተጀመረው። ኖኪያ ራሱ የከተማ ስም ነው። በ1967 ሦስት ድርጅቶች ማለትም የወረቀቱ ኖኪያ፣ አንድ የጎማ ፋብሪካና አንድ የኬብል ፋብሪካ ተዋሃዱ። የጎማው ክፍል ቦት ጫማና የመኪና ጎማ ይሠራ ነበር። የመኪና ጎማው በኋላ ራሱን ችሎ ወጣ፣ በ1995 አክሲዮኑ ሄልሲንኪ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬም ኖኪያን ታየርስ ተብሎ ይጠራል። ስሙን አይቶ «የስልኩ ኩባንያ ጎማም ይሠራል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን የስልኩ ኖኪያ የመጨረሻ ድርሻውን ለጃፓኑ ብሪጅስቶን ከሸጠ ከ2003 ጀምሮ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የጋራ አመጣጣቸው ብቻ ነው። ስለዚህ የስም መመሳሰልን እንደ ማስረጃ አንይዝም።

ስልኩስ ከየት መጣ? እሱም ቢሆን ከግዢ ጋር የተያያዘ ነው። ሳሎራ የሚባል የፊንላንድ ቴሌቪዥን ሠሪ ነበር። ኖኪያና ሳሎራ በ1979 ሞቢራ የሚባል የጋራ ኩባንያ አቋቋሙ፣ ሥራውም የሬዲዮ ስልክ መሥራት ነበር። በ1984 ኖኪያ ሳሎራን ሲገዛ ሞቢራም ሙሉ በሙሉ በእጁ ገባ። ያን ጊዜ ኖኪያ ቴሌቪዥን ላይ ትልቅ ተስፋ ነበረው። ከሳሎራ ሌላ የስዊድኑን ሉክሶርንም ገዝቶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ኪሳራ ላይ ኪሳራ አመጣበትና በ1996 ከዘርፉ ወጣ። ከቴሌቪዥኑ ጋር ተያይዞ የመጣው ሬዲዮ ስልክ ግን ዓለምን ያጥለቀለቀው ኖኪያ ሆነ። እኛ ሀገርም ባለ ባትሪዋን ኖኪያ የማያስታውስ ያለ አይመስለንም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከ2007 በኋላ ኖኪያ ሁለት መስመር ይዞ ይጓዛል። አንዱ በእጃችን የምንይዘው ስልክ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው፣ ለቴሌኮም ድርጅቶች የሚሸጠው የኔትወርክ መሣሪያ ነው፤ ታወር ላይ የሚሰቀለውና ከጀርባ ያለው ማለት ነው። የኔትወርኩ ክፍል በ2007 ከጀርመኑ ሲመንስ የኔትወርክ ክፍል ጋር ተዋሃደና ኖኪያ ሲመንስ ኔትወርክስ ተባለ። ድርሻው እኩል ለእኩል ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኖኪያ ሲመንስን አልገዛም፣ ሲመንስም ኖኪያን አልገዛም። ሁለቱም አንድ አንድ ክፍላቸውን አምጥተው አንድ ላይ አደረጉ።

ይሄ የጋራ ኩባንያ በተራው የሞቶሮላን የኔትወርክ ክፍል ገዛ። ግዢው በ2010 ሐምሌ ይፋ ሲደረግ ዋጋው 1.2 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ጋዜጦች ሁሉ ይሄንን ቁጥር ጻፉ። ግን የቻይና ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ ዘገየ፣ በመሃል ሁዋዌ «ለሞቶሮላ ያካፈልኩት ሚስጥር ለተፎካካሪዬ ሊተላለፍብኝ ነው» ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ነገሩ እልባት አግኝቶ ግዢው በ2011 ሚያዝያ ሲጠናቀቅ የተከፈለው 975 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አያችሁ? ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ 1.2 ቢሊዮን የሚለውን ታገኛላችሁ። ውሸት አይደለም፣ የማስታወቂያው ቀን ዋጋ ነው። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ግዢ ሁለት ቀን የምንይዘው፤ የተነገረበትንና የተጠናቀቀበትን። በሁለቱ መካከል ዋጋው ሊቀንስ ይችላል፣ ከዕቃው የተወሰነው ሊቀር ይችላል፣ አልፎ አልፎም ሽያጩ ራሱ ሊፈርስ ይችላል።

በ2013 ነሐሴ ኖኪያ የሲመንስን ግማሽ ድርሻ በ1.7 ቢሊዮን ዩሮ ጠቅልሎ ገዛ። የኔትወርኩ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሱ ሆነ። ያኔ ብዙ ሰው ለዚህ ዜና ቦታ አልሰጠውም ነበር፣ ሁሉም የሚያየው የስልኩን መውደቅ ነበርና። ከአንድ ወር በኋላ የሆነው ነገር ግን ይሄ ግዢ ለምን እንደተፈጸመ ግልጽ አደረገው። ኖኪያ አንዱን እግሩን ከመሸጡ በፊት የሚቆምበትን ሌላውን እግር ሙሉ በሙሉ የራሱ አድርጎ ነበር።

በ2013 መስከረም 3 ማይክሮሶፍት የኖኪያን የስልክ ክፍል ሊገዛ መስማማቱ ተነገረ። ጠቅላላው ገንዘብ 5.44 ቢሊዮን ዩሮ ነው። ይሄ ቁጥር ግን በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። 3.79 ቢሊዮኑ ለስልክ ሥራው ነው፤ ለሠራተኞቹ፣ ለፋብሪካዎቹ፣ ለሉሚያና ለአሻ ስሞች። ቀሪው 1.65 ቢሊዮን የኖኪያን ፓተንቶች ለ10 ዓመት ለመጠቀም የተከፈለ ነው። ለመጠቀም ነው ያልነው፣ ለመግዛት አይደለም። ፓተንቶቹ በኖኪያ እጅ ቀሩ። ቤት መግዛትና ቤት መከራየት እንደማለት ነው፤ ማይክሮሶፍት የዕቃውን ዋጋ ከፍሎ የሐሳቡን ኪራይ ደግሞ ለብቻው ከፈለ። ኖኪያ እነዚያን ፓተንቶች ለሌሎች ስልክ አምራቾችም እያከራየ እስከ ዛሬ ገንዘብ ይሰበስባል።

ስሙስ? የዚህ ሽያጭ ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ጋ ነው። «ኖኪያ» የሚለው ስም አልተሸጠም። ማይክሮሶፍት በተራዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች ላይ ለ10 ዓመት እንዲጠቀምበት ተፈቀደለት። በሌላ በኩል ኖኪያ ራሱ እስከ 2015 መጨረሻ ድረስ በገዛ ስሙ ስማርትፎን እንዳይሸጥ ታገደ። የስሙ ባለቤት በስሙ መጠቀም የማይችልበት፣ ባለቤት ያልሆነው ደግሞ የሚጠቀምበት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ለዚህ ነው ለስሙ የራሱን መስመር የምናሰምርለት።

ሽያጩ የተጠናቀቀው በ2014 ሚያዝያ 25 ነው። መጀመሪያ ሲነገር ወደ 32,000 ሠራተኞች ይተላለፋሉ ተብሎ ነበር፤ በመጨረሻ የተሻገሩት 25,000 ገደማ ናቸው። የቀሩት የት ሄዱ? የዚህ ልዩነት ትልቁ ክፍል አንድ ቦታ ያመለክታል፤ ደቡብ ሕንድ ቼናይ አካባቢ ያለ ፋብሪካ። ከኖኪያ ትልልቅ የስልክ ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። ከሕንድ የግብር ባለሥልጣናት ጋር በተነሳ ክርክር ንብረቱ ታግዶ ስለነበር ለማይክሮሶፍት ማስተላለፍ አልተቻለም። በደቡብ ኮሪያ ማሳን ያለው ፋብሪካም ከሽያጩ ውጭ ሆነ። የቼናዩ ፋብሪካ ለጥቂት ወራት ለማይክሮሶፍት በትዕዛዝ እየሠራ ቆየ፣ ከዚያ ማይክሮሶፍት ውሉን አቋረጠና ፋብሪካው በ2014 ኅዳር 1 ማምረት አቆመ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ ያጡት በሽያጩ ውስጥ ስለተካተቱ ሳይሆን ስላልተካተቱ ነው። ሽያጩን በአርዕስተ ዜና ብቻ የተከታተለ ሰው እነዚህን ሰዎች የትም አያገኛቸውም፤ «ምን ቀረ» ብሎ የጠየቀ ነው የሚያገኛቸው።

የተሻገሩትስ ምን ገጠማቸው? ሦስት ወር እንኳን ሳይሞላ ማይክሮሶፍት እስከ 18,000 ሰው እንደሚቀንስ አስታወቀ፣ ከእነዚህ 12,500 ገደማው ከኖኪያ የመጡት ናቸው። በ2015 ሐምሌ ደግሞ ከመዝገቡ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ይሄ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ እንየው፣ ለመከታተል በጣም የሚጠቅም ምልክት ስለሆነ።

አንድ ኩባንያ ሌላውን ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ከሚታየው ንብረት በላይ ይከፍላል። ሱቅ ስትገዙ ለመደርደሪያውና ለዕቃው ከምትከፍሉት በላይ ለደንበኛው፣ ለቦታውና ለዝናው እንደምትከፍሉት ነው። ያ ትርፍ ክፍያ በገዢው መዝገብ ላይ «ጉድዊል» ተብሎ እንደ ንብረት ይቀመጣል። በኋላ የተገዛው ነገር የተጠበቀውን ያህል እንደማያወጣ ሲታወቅ ያንን ንብረት መቀነስ ግዴታ ነው። ስለዚህ ትልቅ ስረዛ ስታዩ ኩባንያው በሌላ ቋንቋ «ይሄን ስገዛ ተሳስቻለሁ» እያለ ነው። ብዙውን ጊዜም ከስረዛው በኋላ ሽያጭ ወይም መዝጋት ይከተላል። ማይክሮሶፍት በ2015 ሰረዘ፣ በ2016 ሸጠ።

በ2016 ግንቦት የተደረገው ሽያጭ 350 ሚሊዮን ዶላር ነው። «በ7 ቢሊዮን ገዝቶ በ350 ሚሊዮን ሸጠው» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይዞራል። ለመስማት ይጥማል፣ ግን ሒሳቡ ልክ አይደለም። የተሸጠው ባለ ቁልፍ ስልኩ ክፍል ብቻ ነው። የሉሚያ ስማርትፎን አልተሸጠም፤ በማይክሮሶፍት እጅ እንዳለ ቀስ በቀስ ጠፋ። ፓተንቱ ደግሞ ከመጀመሪያውም የተከራየ ነበር። የተገዛውና የተሸጠው አንድ ነገር ካልሆነ ሁለቱን ዋጋዎች መቀናነስ አይቻልም።

ገዢዎቹም ሁለት ነበሩ። አንዱ የታይዋኑ ፎክስኮን ቅርንጫፍ የሆነው ኤፍአይኤች ሞባይል ነው፤ እሱ ቬትናም ሃኖይ ያለውን ፋብሪካ ወሰደ። ሁለተኛው ኤችኤምዲ ግሎባል የሚባል አዲስ የፊንላንድ ኩባንያ ነው። መሥራቾቹ ውስጥ የቀድሞ የኖኪያ ሰዎች ነበሩበት። ኤችኤምዲ ከዚሁ ጎን ለጎን ከራሱ ከኖኪያ ጋር ሌላ ውል ተፈራረመ፤ በስልክና በታብሌት ላይ «ኖኪያ» የሚለውን ስም ለ10 ዓመት ብቻውን እንዲጠቀም። ኖኪያ ያን ጊዜ በኤችኤምዲ ውስጥ ገንዘብ አላስገባም፣ ከሚሸጠው ስልክ ላይ የስም ክፍያ ይቀበላል።

እንግዲህ ጥያቄያችሁ እዚህ ተመለሰ። በ2017 አዲሷ 3310 ስትወጣና ከዚያ ወዲህ «ኖኪያ» ተብለው ገበያ ላይ የዋሉትን ስልኮች ያወጣቸው ኤችኤምዲ ነው። ዋስትናውም፣ የሶፍትዌር ማሻሻያውም፣ ጥገናውም የሚመለከተው ኤችኤምዲን ነው እንጂ ኖኪያን አይደለም። «ቻይናዎች ገዙት» የሚለው ወሬ ደግሞ ስልኮቹን ከሚያመርተው ከፎክስኮን ቅርንጫፍ ጋር የተምታታ ይመስለናል። ማምረትና ባለቤት መሆን ግን ሁለት ነገር ነው።

የካርታው መስመር አጭር ነው፣ ግን አንድ ወጥመድ ስላለበት እንየው። በ2008 ኖኪያ ናቭቴክ የሚባለውን የአሜሪካ የካርታ ኩባንያ በ8.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። በ2011 መጨረሻ ከካርታው ክፍል ጉድዊል ላይ 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ሰረዘ። ምልክቷን አያችኋት? በ2015 ነሐሴ ክፍሉን ለአውዲ፣ ለቢኤምደብሊውና ለዳይምለር በ2.8 ቢሊዮን ዩሮ ለመሸጥ ተስማማ፣ ሽያጩ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አለቀ። ታዲያ ናቭቴክ የሚለውን ስም ይዛችሁ ብትፈልጉ ሽያጩን አታገኙትም። ኖኪያ በ2006 ከገዛው ጌት5 ከሚባል የበርሊን ኩባንያ ጋር ናቭቴክን ቀላቅሎ፣ በላዩ ላይ ሌላም ጨምሮ፣ በ2012 ሂር የሚል ስም ሰጥቶት ነበር። የተሸጠው ሂር ነው። ሲገዛ አንድ ኩባንያ የነበረው ሲሸጥ ከሌሎች ጋር የተቀየጠ ነው። የገንዘቡ ዓይነትም ዶላርና ዩሮ ነው። ኖኪያ በካርታው እንደከሰረ ጥርጥር የለውም፤ በትክክል ይሄን ያህል ከሰረ ብሎ በአንድ መስመር መቀናነስ ግን አይሆንም። መስመሩ ሲደርቅባችሁ ክፍሉ ጠፋ ከማለታችሁ በፊት ስሙ ተቀይሮ እንደሆነ ፈልጉ።

የስልኩ ገንዘብ ኪሱ ከገባ በኋላ ኖኪያ ትልቁን ግዢውን አደረገ። በ2015 ሚያዝያ አልካቴል-ሉሰንትን በ15.6 ቢሊዮን ዩሮ ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በራሱ አክሲዮን ነበር። በ2016 ጥር ቁጥጥሩን ያዘ፣ የመጨረሻዋን አክሲዮን የጠቀለለው ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ነው። አልካቴል-ሉሰንት ራሱ የውህደት ልጅ ነው፤ በ2006 የፈረንሳዩ አልካቴልና የአሜሪካው ሉሰንት ተጋብተው የተፈጠረ። ሉሰንት በበኩሉ በ1996 ከኤቲ ኤንድ ቲ ተነጥሎ የወጣ ነው፤ ትራንዚስተር የተፈለሰፈበትን ቤል ላብስን ይዞ ነው የወጣው። ስለዚህ ኖኪያ አንድ ኩባንያ ሲገዛ ከጀርባው ያለውን የዘር ሐረግ ሁሉ አብሮ ወረሰ። ቤል ላብስ ዛሬ የኖኪያ ነው።

ከዚሁ ውርስ ጋር አንድ አስቂኝ ነገርም መጥቷል። አልካቴል የሚል ስም ያለበትን ስልክ አይታችሁ ይሆናል። እሱን የሚሠራው የቻይናው ቲሲኤል ነበር፣ ስሙን ተከራይቶ። ኖኪያ አልካቴል-ሉሰንትን ሲገዛ የስሙ ባለቤትነትም ወደ ኖኪያ ዞረ። በአንድ ወቅት ገበያ ላይ የኖኪያና የአልካቴል ስልኮች ሲፎካከሩ፣ ሁለቱንም ኖኪያ አይሠራቸውም፣ ሁለቱም ስም ግን የኖኪያ ነበር።

ሁሉም ግዢ አልሰመረም። በዚያው በ2016 ኖኪያ ዊዚንግስ የሚባል ብልህ ሚዛንና የጤና መከታተያ ሰዓት የሚሠራ የፈረንሳይ ድርጅት በ170 ሚሊዮን ዩሮ ገዛ፣ ስሙንም ኖኪያ ሄልዝ አለው። በ2017 አብዛኛውን ዋጋ ከመዝገቡ ሰረዘ፣ በ2018 ለመሥራቹ መልሶ ሸጠለት። ገዛ፣ ስሙን ቀየረ፣ ሰረዘ፣ ሸጠ። ታሪኩ በሁለት ዓመት ስላለቀ ይሄን ዘዴ መለማመድ ለሚፈልግ ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ደግሞ ራሳችሁ እንዴት እንደምትፈልጉት። አክሲዮኑ አሜሪካ ገበያ ላይ ያለ የውጭ ኩባንያ በየዓመቱ 20-F የሚባል ሪፖርት ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ያስገባል፤ sec.gov ላይ በነፃ ይገኛል። ኖኪያም ያስገባል። ሪፖርቱ በመቶዎች ገጾች ነው፣ ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። በሒሳብ ማብራሪያው ውስጥ ሁለት ርዕሶችን ፈልጉ። Acquisitions ወይም Business combinations የሚለው በዚያ ዓመት የተገዛውን፣ የተከፈለውንና ጉድዊሉን ይነግራችኋል። Discontinued operations የሚለው ደግሞ የተሸጠውን ወይም ሊሸጥ የተወሰነውን ዋና ክፍል ይነግራችኋል። መጨረሻ ላይ አባሪ ሆኖ በሥሩ ያሉ ኩባንያዎች ዝርዝር አለ። የሁለት ተከታታይ ዓመት ዝርዝር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ይታያችኋል። ዝርዝሩ ግን ዋና ዋናዎቹን ብቻ ሊይዝ ስለሚችል ስሙ የሌለ ሁሉ ተሸጧል ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አንድ ክፍል ሲሸጥ ኩባንያው ያለፉትን ዓመታት ቁጥርም ያንን ክፍል አውጥቶ እንደገና ይጽፋል። ኖኪያ በ2012 ሪፖርቱ የዓመቱ ሽያጬ 30 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ነው ብሏል። በቀጣዩ ዓመት ሪፖርት ላይ ያው የ2012 ሽያጭ 15.4 ቢሊዮን ሆኖ ተጽፏል። ማጭበርበር አይደለም፣ ስልኩ ወደ «ተቋረጡ ሥራዎች» ተዛውሮ ነው። የ2012ን ከአሮጌው ሪፖርት፣ የ2013ን ከአዲሱ ወስዶ ያነጻጸረ ሰው ኩባንያው በአንድ ዓመት ከግማሽ በላይ የወደቀ ይመስለዋል። ሁለቱን ዓመት ከአንድ ሪፖርት ውሰዱ። በሁለት ሪፖርቶች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በራሱ መረጃ ነው፤ የወጣው ክፍል ምን ያህል ትልቅ እንደነበር ይነግራችኋል። የኖኪያ ግማሽ ነበር።

መስመሮቹ ዛሬም እየተቀጠሉ ነው። ከአልካቴል-ሉሰንት ጋር የመጣው፣ በባሕር ሥር የኢንተርኔት ኬብል የሚዘረጋው ኤኤስኤን የሚባል ክፍል በ2024 መጨረሻ 80 በመቶው ለፈረንሳይ መንግሥት ተሸጧል፣ 20 በመቶው ኖኪያ ጋር ቀርቷል። በ2025 የካቲት ደግሞ ኖኪያ ኢንፊኔራ የሚባል የአሜሪካ የኦፕቲካል ኔትወርክ ኩባንያ መግዛቱን አጠናቀቀ፤ ሲነገር ዋጋው 2.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

እኛ ሀገር ውስጥም ሁለቱ መስመሮች ሳይገናኙ አብረው ይታያሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኔትወርኩን ሲዘረጋ መሣሪያ ካቀረቡለት መካከል ኖኪያ አንዱ ነው፣ ሌላው ሁዋዌ ነው። ያ ታወር ላይ ያለው ራሱ የፊንላንዱ ኖኪያ የሠራው ነው፤ ከሞቶሮላም፣ ከሲመንስም፣ ከአልካቴልም የወረሰው እውቀት ያለበት። ከታወሩ ሥር ሆኖ የሚደውለው ሰው የያዘው ኖኪያ ስልክ ግን የኤችኤምዲ ነው። ኤችኤምዲም ከ2024 ጀምሮ በራሱ ስም ስልክ ማውጣት ጀምሯል። በ2016 የተፈረመው የስም ውል 10 ዓመት ስለሆነ፣ የስሙ መስመር ላይ ቀጥሎ መታየት ያለበት የዚህ ውል ነገር ነው። አዲስ ነገር ሲኖር እናሳውቃችኋለን።